ባዶው ግሥ፦ ከ«ሰጀስት»፣ ከ«ኢንሲስት» እና ከ«ዲማንድ» በኋላ የሚመጣው የእንግሊዝኛ ዘንድ አንቀጽና የከሚሴ አካባቢ ተማሪዎች

አኅጽሮት

በእንግሊዝኛ «ሰጀስት» (ሐሳብ ማቅረብ)፣ «ኢንሲስት» (አጥብቆ መጠየቅ)፣ «ዲማንድ» (መጠየቅ፣ ማስገደድ) ከሚሉት ግሦች ቀጥሎ «ዛት» በሚለው ቃል የሚከፈተው ሐረግ ግሡን ያለ ምንም ቅጥያ ይይዛል። ተማሪዎች ይህን ቅርጽ ብዙውን ጊዜ የሚያዩት ከደንብ እንደ ወጣ ስሕተት ነው። ይህ ጽሑፍ ባዶው ግሥ ትክክል የሚሆንበትን ምክንያት ያስረዳል፤ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የሚማር ተማሪም አማርኛውና አፋን ኦሮሞው ደንቡን ለመረዳት የት ላይ እንደሚያግዙት፣ የት ላይ እንደማያግዙት ያሳያል። የእንግሊዝኛና የአፋን ኦሮሞ ምሳሌዎች በድምፃቸው ተከትለው በግእዝ ፊደል ቀርበዋል።

1. መነሻ

ከሚሴን ማእከሉ ባደረገው ዞን የሚማር ተማሪ በሦስት ቋንቋዎች መካከል ይመላለሳል። አፋን ኦሮሞ የቤቱና የመጀመሪያ ትምህርቱ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ነው። ይህ ተማሪ ስለ እንግሊዝኛ ግሥ ከሁሉ አስቀድሞ ከሚማራቸው ደንቦች አንዱ በሦስተኛ መደብ ነጠላ ቁጥር ግሡ «ኤስ» የተባለችውን ፊደል መጨመር እንዳለበት ነው። «አይ ጎ» ያለው ተማሪ ስለ ሌላ ሰው ሲናገር «ሂ ጎዝ» ይላል። ደንቡን ሲዘነጋ መምህሩ በቀይ ብዕር ያርመዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይኸው ተማሪ «ዘ ቲቸር ሰጀስቲድ ዛት ሂ ጎ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያገኛል፤ ፍችው «መምህሩ እሱ እንዲሄድ ሐሳብ አቀረበ» ማለት ነው። በቀይ ብዕር ሲታረምለት የኖረው ቅርጽ አሁን ትክክለኛው መልስ ሆኖ ይመጣል። ምክንያቱ ካልተነገረው ሁለት መንገድ ብቻ ይቀረዋል፤ ወይ እንደ ልማዱ «ጎዝ» ብሎ ይጽፋል፣ ወይም የግሦቹን ዝርዝር በቃሉ ይዞ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። ምክንያቱ ግን አለ፤ ተማሪው በሚናገራቸው ቋንቋዎች ውስጥም ይገኛል።

2. በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ግሦች

ደንቡ ጎልቶ ከሚታይባቸው ጽሑፎች መካከል ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ሰነድ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ኅዳር 14 ቀን 1998 ዓ.ም. ውሳኔ ቁጥር 1640ን አጸደቀ። ውሳኔው ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ድንበር ሲሆን ለሁለቱም መንግሥታት ጥያቄ ያቀርባል። ኤርትራን የሰላም አስከባሪውን ሄሊኮፕተሮች በረራ ያገደችበትን ውሳኔ እንድትሽር፣ ኢትዮጵያን ደግሞ የድንበር ኮሚሽኑን ውሳኔ እንድትቀበል ይጠይቃል። ኢትዮጵያን የሚመለከተው አንቀጽ በእንግሊዝኛ «ዲማንድስ ዛት ኢትዮጵያ አክሰፕት» ብሎ ይጀምራል።

እዚህ ሁለት ግሦች ጎን ለጎን ቆመዋል። የመጀመሪያው ግሥ ባለቤት ምክር ቤቱ ነው፤ ሦስተኛ መደብ፣ ነጠላ ቁጥር። ስለዚህ «ኤስ» ተጨምሮበት «ዲማንድስ» ሆነ። የሁለተኛው ግሥ ባለቤት ኢትዮጵያ ናት፤ እሷም ሦስተኛ መደብ፣ ነጠላ ቁጥር ናት። ሆኖም «አክሰፕትስ» አልተባለም፤ «አክሰፕት» ብቻ ተባለ። ስለዚህ ልዩነቱን የፈጠረው መደብ ወይም ቁጥር አይደለም።

ልዩነቱ ያለው ግሦቹ በሚሠሩት ሥራ ላይ ነው። «ዲማንድስ» አንድ እውነት ይዘግባል፤ ምክር ቤቱ በእርግጥ እየጠየቀ ነው። «አክሰፕት» ግን ምንም አይዘግብም። ኢትዮጵያ ተቀብላለች፣ ትቀበላለች ወይም አልተቀበለችም አይልም፤ የሚፈለገውን ነገር ስም ጠርቶ ያልፋል። የዘገባ ምልክት የሆነችው «ኤስ» ዘገባ በሌለበት ቦታ አትገባም።

ይኸው አንቀጽ ወደ አማርኛ ሲመለስ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል፦ «ኢትዮጵያ እንድትቀበል ይጠይቃል»። ዋናው ግሥ «ይጠይቃል» በመጨረሻው «-አል»ን ይዟል፤ «እንድትቀበል» ግን «ትቀበላለች» ከሚለው ዘገባ «-አለች»ን ጥሎ ቀርቷል። እንግሊዝኛው «ኤስ»ን ባስቀረበት ቦታ አማርኛውም የራሱን ማሰሪያ አስቀርቷል።

3. ባዶው ግሥ ከየት መጣ?

በመማሪያ ክፍል በብዛት የሚሰማው ማብራሪያ «‹ሹድ› የሚለው ቃል ተደብቋል» የሚል ነው። በዚህ አስተሳሰብ «ዛት ሂ ጎ» ማለት «ዛት ሂ ሹድ ጎ» ማለት ሲሆን «ሹድ» ተትቷል። ማብራሪያው ለማስታወስ ይረዳል፤ «ሹድ» ከሚሉት ቃላት በኋላ ግሡ ቅጥያ እንደማይቀበል ተማሪው ስለሚያውቅ ትክክለኛውን ቅርጽ ይጽፋል። የቅርጹን ታሪክ ግን ገልብጦ ያቀርባል፤ ባዶው ግሥ «ሹድ» ተቆርጦለት የተገኘ አይደለም፤ የራሱ ጥንታዊ ሥር አለው።

ከሺህ ዓመት በፊት የነበረው እንግሊዝኛ ለዘገባና ለፍላጎት የተለያዩ የግሥ ቅርጾች ነበሩት። በሦስተኛ መደብ ነጠላ ቁጥር የዘገባው ግሥ መጨረሻ ላይ በምላስ ጫፍና በጥርስ መካከል የሚወጣ ተነባቢ ነበረ፤ ይህ ተነባቢ በኋላ ዘመን ቦታውን ለዛሬዋ «ኤስ» ለቀቀ። የፍላጎቱ ግሥ ግን የሚጨርሰው በአጭር አናባቢ ብቻ ነበር። ያ አናባቢ በጊዜ ብዛት ደከመ፣ ከዚያም ፈጽሞ ጠፋ፤ ባዶው ግሥ ቀረ። ስለዚህ «ዛት ሂ ጎ» በሚለው ሐረግ ውስጥ «ኤስ» አልተቆረጠችም፤ በዚህ ቅርጽ ላይ መጀመሪያውኑ አልነበረችም።

የዚህ ቅርጽ ቅሪት ተማሪው ሁሉ በሚያውቀው ምርቃት ውስጥ አለ፦ «ጎድ ብሌስ ዩ»። «ጎድ» ሦስተኛ መደብ ነጠላ ቁጥር ሆኖ ሳለ ግሡ «ኤስ» የለውም። ምክንያቱ አማርኛው ላይ ይነበባል። ሰው ሲመርቅ «እግዚአብሔር ይባርክህ» ይላል እንጂ «እግዚአብሔር ይባርክሃል» አይልም፤ ሁለተኛው ምርቃት መሆኑ ይቀርና ወሬ ይሆናል። ይህን ልዩነት የሚሰማ ጆሮ የእንግሊዝኛውን ደንብ ግማሽ መንገድ አውቆታል።

ከዚህ መነሻ ሁለት ጠባዮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ባዶው ግሥ ጊዜን አይከተልም። ዋናው ግሥ በኀላፊ፣ በአሁን ወይም በመጪ ጊዜ ቢነገር ተከታዩ አይለወጥም፤ «ሰጀስቲድ» ቢባልም ተከታዩ «ጎ» ነው፣ «ዌንት» አይደለም። የተፈለገው ነገር ገና ስላልተፈጸመ በጊዜ መስመር ላይ ቦታ አልተሰጠውም። ሁለተኛ፣ አሉታው «ናት» የሚለውን ቃል ብቻ ከግሡ በፊት በማስገባት ይሠራል፦ «ዛት ሂ ናት ጎ»፤ «እንዳይሄድ» ማለት ነው። «ደዝ ናት» ወይም «ዲድ ናት» አይገባም፤ እነዚህም የዘገባ መሣሪያዎች ናቸውና። «መሆን» የሚለው ግሥ ደግሞ በሁሉም መደብ «ቢ» ብቻ ይሆናል፤ «ኢዝ»፣ «ዎዝ» አይሆንም።

4. አማርኛው የሚያበረክተው

የአማርኛና የግእዝ ሰዋስው ትምህርት ለዚህ ቅርጽ ስም ካወጣለት ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዘንድ አንቀጽ ይባላል። በግእዝ ካልዓይ አንቀጹ «ይቀትል» ሲሆን ዘንድ አንቀጹ «ይቅትል» ነው። «ይሐውር» ያለ ይዘግባል፤ «ይሑር» ያለ ግን ይፈቅዳል፣ ያዝዛል ወይም ይመኛል። ልዩነቱን የተሸከመው በግሡ ውስጥ ያለው የአናባቢ ለውጥ ነው።

አማርኛ ልዩነቱን በሦስት መንገድ ይጠብቃል። በቀጥታ ንግግር «ይሂድ» ከ«ይሄዳል» ይለያል። በጥንታዊው የጽሑፍ ስልት «ይሄድ ዘንድ አዘዘ» ይባላል። በዛሬው አማርኛ ደግሞ «እንዲሄድ» ከ«እንደሚሄድ» እና ከ«እንደሄደ» ይለያል። የመጨረሻው ለእንግሊዝኛ ትምህርት ከሁሉ ይጠቅማል፤ ሦስቱም የአማርኛ ቅርጾች በእንግሊዝኛ የሚከፈቱት በዚያው «ዛት» ነውና። አማርኛው ልዩነቱን በመክፈቻው ላይ ያሳያል፤ እንግሊዝኛው መክፈቻውን አንድ አድርጎ ልዩነቱን በግሡ ላይ ይጥለዋል።

ስለዚህ አማርኛን የሚያውቅ ተማሪ የሚያስፈልገው መመሪያ አጭር ነው። ሊተረጉም የፈለገው ሐረግ «እንዲ-»፣ «እንድት-»፣ «እንዳይ-» የሚል ከሆነ ከእነዚህ ግሦች በኋላ ባዶውን ግሥ ይጠቀም፤ «እንደ-» ወይም «እንደሚ-» የሚል ከሆነ እንደ ተራ ዘገባ ጊዜውንና መደቡን ይጠብቅ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። «-አል» መቅረቱን ብቻ መመልከት አይበቃም፤ «እንደሚሄድ» የሚለውም ዘገባ ሆኖ ሳለ «-አል» የለውም። ወሳኙ መክፈቻው ነው።

5. አፋን ኦሮሞ የሚያግዝበትና የማያግዝበት

በትምህርት ቤት በሚጻፈው አፋን ኦሮሞ «ኢኒ ኒ ዴማ» ማለት «እሱ ይሄዳል» ማለት ነው። «ይሂድ» ለማለት ግን «ሃ ዴሙ» ይባላል። የግሡ መጨረሻ ከ«-አ» ወደ «-ኡ» ተለውጧል፤ ከፊቱም «ሃ» ገብታለች። ይህ የአማርኛውን «ይሄዳል» እና «ይሂድ» በትክክል የሚመስል ጥንድ ነው፤ ስለዚህ በቀጥታ ንግግር ደረጃ አፋን ኦሮሞ ጥሩ ድጋፍ ይሆናል።

ችግሩ የሚመጣው ንግግሩ ወደ ተዘዋዋሪ ሲለወጥ ነው። «እንዲሄድ» ለማለት «አካ ዴሙ» ይባላል፤ «እንደሚሄድ» ለማለትም «አካ ዴሙ» ይባላል። የ«-ኡ» መጨረሻ በጥገኛ ሐረግ ውስጥ የሚገባ በመሆኑ የፍላጎት ብቻ ምልክት አይደለም። «አካ ዴሙ ጋፈቴ» ሲባል «ጋፈቴ» (ጠየቀ) የሚለው ግሥ ነገሩን ይለያል፤ «አካ ዴሙ ዱበቴ» ሲባል ግን «ዱበቴ» (ተናገረ) ለሁለቱም ፍች በር ይከፍታል። «እንደሄደ» ብቻ «አካ ዴሜ» ተብሎ ተለይቶ ይታወቃል።

ስለዚህ በአማርኛ መክፈቻ ላይ የተመሠረተው መመሪያ ወደ አፋን ኦሮሞ ሲዛወር ይሰነጠቃል። መምህሩ «‹አካ› ባለበት ባዶውን ግሥ ተጠቀሙ» ቢል ተማሪው ዘገባውን ሁሉ ባዶ ያደርገዋል። ለሁለቱም ቋንቋዎች የሚሠራው መመዘኛ ተዘዋዋሪውን ንግግር ወደ ተናጋሪው አፍ መመለስ ነው። መጀመሪያ የተነገረው ቃል «ሃ ዴሙ» ወይም «ይሂድ» ከሆነ እንግሊዝኛው ባዶውን ግሥ ይወስዳል። የተነገረው «ኒ ዴማ» ወይም «ይሄዳል» ከሆነ የዘገባውን ቅርጽ ይወስዳል።

6. የፓምፑ ቃለ ጉባኤ፦ አንድ ምሳሌ

መመዘኛው ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት አንድ ምሳሌ በዝርዝር መመልከት ይበቃል። በአንድ የገጠር ቀበሌ የመጠጥ ውኃ ኮሚቴ ተሰብስቦ ስለ ተበላሸ ፓምፕ ተነጋገረ እንበል። ጸሐፊው በአማርኛ «ኮሚቴው ፓምፑ ከክረምት በፊት እንዲጠገን አጥብቆ አሳሰበ» ብሎ መዘገበ። ዕርዳታ የሚሰጠው ድርጅት ዘገባ የሚቀበለው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃለ ጉባኤው መተርጐም አለበት። ተርጓሚው «ኢንሲስቲድ» የሚለውን ግሥ መረጠ፤ ምርጫው ጥሩ ነው። ቀጥሎ ግን ሁለት መንገዶች ይጠብቁታል።

የመጀመሪያው «ዘ ኮሚቲ ኢንሲስቲድ ዛት ዘ ፓምፕ ቢ ሪፔርድ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ዘ ኮሚቲ ኢንሲስቲድ ዛት ዘ ፓምፕ ዎዝ ሪፔርድ» የሚል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት «ቢ» እና «ዎዝ» ብቻ ነው። ዋናው ግሥ በኀላፊ ጊዜ ስለሆነ ተከታዩም በኀላፊ ጊዜ መሆን አለበት የሚለውን የተለመደ ደንብ የተከተለ ተርጓሚ ሁለተኛውን ይጽፋል።

ሁለተኛውን ያነበበ የድርጅቱ ሠራተኛ ምን ይረዳል? ኮሚቴው ፓምፑ መጠገኑን አጥብቆ ተናገረ፤ ማለትም አልተጠገነም የሚል ሰው ቢኖር ኮሚቴው ተከራክሯል። ለዚህ አንባቢ ሥራው አልቋል፤ መለዋወጫ የሚልክበት ምክንያት የለም። ቀበሌው ጥያቄ አቀረብሁ ብሎ ይጠብቃል፤ ድርጅቱ ምስክርነት ተቀበልሁ ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ ጉድለት ስለሌለበት ስሕተቱን ማንም አያየውም፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። «ዲማንድ» ከሚለው ግሥ በኋላ የተሳሳተ ቅርጽ ቢገባ ዓረፍተ ነገሩ ጆሮ ስለሚጎረብጥ አንባቢው ሐሳቡን ይገምታል። «ኢንሲስት» ግን ሁለቱንም ፍች በሙሉ መብት ስለሚሸከም ቅርጹ ሲሳሳት ፍቹ አብሮ ይገለበጣል።

መመዘኛው እዚህ ላይ ይሥራ። በስብሰባው ላይ አባላቱ ምን አሉ? «ፓምፑ ይጠገን!» ነው ያሉት፤ በአፋን ኦሮሞ «ፓምፒን ሃ ሱጰሙ!» ይሆናል። ስለዚህ «ቢ ሪፔርድ» ትክክል ነው። «ፓምፑ ተጠግኗል!» ብለው ቢሆን ኖሮ «ዎዝ» ወይም «ሃድ ቢን» ይገባ ነበር። ቃለ ጉባኤው መጀመሪያ የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ከሆነ ተርጓሚው ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። «አካ ሱጰሜ» የሚል ካገኘ ነገሩ የተፈጸመ ነው። «አካ ሱጰሙ» የሚል ካገኘ ግን «ይጠገን» ተብሎ ነው ወይስ «ይጠገናል» ተብሎ የሚለውን ከዋናው ግሥ ወይም ከጸሐፊው መጠየቅ ይኖርበታል።

7. በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

ከላይ ከተባለው ተነሥቶ ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። «ኤስ» መጨመርና ኀላፊ ጊዜን መከተል ቀደም ብለው ተነግረዋል። ሦስተኛው ስሕተት የአማርኛው «እንዲሄድ» ራሱ የሚያመጣው ነው። ተማሪው «እንዲሄድ እፈልጋለሁ» የሚለውን «አይ ዎንት ሂም ቱ ጎ» ብሎ ስለ ተማረ «እንዲሄድ» ማለት «ቱ ጎ» ማለት ነው ብሎ ይይዛል። ከዚያም «እንዲሄድ ሐሳብ አቀረብሁ» የሚለውን «አይ ሰጀስቲድ ሂም ቱ ጎ» ይለዋል። «ዎንት» ሰውየውንና «ቱ»ን ይቀበላል፤ «ሰጀስት»፣ «ኢንሲስት» እና «ዲማንድ» ግን ይህን አሠራር አይቀበሉም። እነዚህ ሦስቱ «ዛት» ያለበትን ሙሉ ሐረግ ይፈልጋሉ፤ ባለቤቱም «ሂም» መሆኑ ቀርቶ «ሂ» ይሆናል።

አራተኛው ደንቡን ካወቁ በኋላ የሚመጣ ስሕተት ነው። «ሰጀስት» ሁለተኛ ፍች አለው፤ «ማመልከት» ማለት ነው። «ምርመራው ውኃው የተበከለ መሆኑን ያመለክታል» ለማለት «ሰጀስትስ» ሲባል ተከታዩ «ኢዝ» ይሆናል፤ «ቢ» ማለት ስሕተት ነው። ምርመራ ውኃው ይበከል ብሎ አይጠይቅም። ባለቤቱ ሰው ወይም ጉባኤ ያልሆነ፣ ይልቁንም ምልክት፣ ውጤት ወይም መረጃ የሆነበት «ሰጀስት» በአብዛኛው ይህን ፍች የያዘ ነው። እዚህም መመዘኛው ያገለግላል፤ «ውኃው ይበከል» ያለ የለምና ባዶው ግሥ አይገባም።

8. የደንቡ ወሰን

ባዶው ግሥ ትክክል ነው ማለት ሌላው ሁሉ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ቅርጹ በአሜሪካ እንግሊዝኛ የተለመደ ነው። በብሪታንያ ግን «ሹድ» ያለበት አነጋገር ለረጅም ጊዜ ተመራጭ ሆኖ ኖሯል፤ የሰዋስው ተመልካቹ ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1926 ባወጣው የአጠቃቀም መዝገቡ ዘንድ አንቀጽ በጠቅላላው በመሞት ላይ ያለ ቅርጽ እንደሆነ አድርጎ ተመልክቶት ነበር። ከእነዚህ ግሦች በኋላ ያለው ቅርጽ ግን አልሞተም፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ እየበረታ መጣ። ስለዚህ «ዛት ሂ ሹድ ጎ» ብሎ የጻፈን ተማሪ ማረም ተገቢ አይሆንም። በብሪታንያ አነጋገር አንዳንድ ጊዜ የዘገባው ቅርጽ ራሱ ለጥያቄ ሲውል ይሰማል፤ ፓምፑን የመሰለ አሻሚነት በይበልጥ የሚፈጠረውም በዚህ ጊዜ ስለሆነ ለቃለ ጉባኤና ለደብዳቤ ባዶው ግሥ ወይም «ሹድ» ይሻላል።

ሌላው ወሰን በብዙ ቁጥር ላይ ነው። «ኤስ» በነጠላ ሦስተኛ መደብ ብቻ ስለምትገባ ባለቤቱ ብዙ ሲሆን ሁለቱ ቅርጾች አንድ ይሆናሉ። «ዘይ ኢንሲስት ዛት ዘ ፋርመርስ ፔይ» የሚለው «ገበሬዎቹ እንዲከፍሉ ይጠይቃሉ» ወይም «ገበሬዎቹ እንደሚከፍሉ አጥብቀው ይናገራሉ» ሊሆን ይችላል። እዚህ እንግሊዝኛው የአፋን ኦሮሞውን «አካ ዴሙ» ይመስላል፤ አንድ ቅርጽ ሁለት ፍች ይሸከማል። መድኃኒቱ «ሹድ»ን ማስገባት ነው፤ «ዘ ፋርመርስ ሹድ ፔይ» ሲባል ጥያቄ መሆኑ ይታወቃል።

9. ማጠቃለያ

ከ«ሰጀስት»፣ ከ«ኢንሲስት» እና ከ«ዲማንድ» በኋላ ግሡ ባዶውን የሚቆመው የሚዘግበው ነገር ስለሌለው ነው። መደብንና ጊዜን የሚያሳዩ ቅጥያዎች ለዘገባ የተሠሩ ናቸው፤ ፍላጎት ሲነገር ቦታ የላቸውም። ይህ ሐሳብ ለከሚሴ አካባቢ ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ «ይሂድ» ሲል በአማርኛ፣ «ሃ ዴሙ» ሲል በአፋን ኦሮሞ ይኖርበታል። ትምህርቱም ከእንግሊዝኛው የግሦች ዝርዝር ከመጀመር ይልቅ ከእነዚህ ሁለት ቅርጾች ቢጀምር፣ ከዚያ «ጎድ ብሌስ ዩ»ን ቢያሳይ፣ በመጨረሻም ወደ «ዛት» ሐረግ ቢሻገር ቅደም ተከተሉ የተስተካከለ ይሆናል። «አካ» እና «ዛት» ሁለቱንም ፍች በሚሸከሙበት ጊዜ ግን ተማሪው መክፈቻውን ትቶ ተናጋሪው የተናገረውን ቃል ይጠይቅ፤ «ይጠገን» ነው ያለው ወይስ «ተጠግኗል»?